ሞተር ወይስ ትንሽ መኪና፦ ለሥራ መመላለሻም፣ ለዕቃ ማድረሻም

በአዲስ አበባ ጠዋት መሥሪያ ቤት የሚያደርስ፣ ማታና ቅዳሜ ደግሞ ዕቃ እያደረሰ ተጨማሪ ገቢ የሚያስገኝ ተሽከርካሪ መግዛት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ነገሮች መካከል ይዋልላል። አንዱ ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሆነ ሞተር ብስክሌት ነው። ሌላው እንደ ቪትዝ ያለ፣ 1000 ሲሲ ገደማ የሆነ ትንሽ የቤት መኪና ነው። ክርክሩ በአብዛኛው የሚያልቀው የመግዣ ዋጋ ላይ ነው፦ ሞተሩ ይረክሳል፣ መኪናው ይወደዳል። ይህ እውነት ቢሆንም ምርጫውን አይወስነውም። የተሽከርካሪ ወጪ የሚቆጠረው በኪሎ ሜትር ነው፤ ዕቃ በማድረስ የሚገኘው ገቢ ግን የሚቆጠረው በሰዓት ነው። ሁለቱን ለየብቻ አስልቶ መጨረሻ ላይ ያልገጣጠማቸው ሰው ወሩን ሙሉ ደክሞ ለቤንዚንና ለጋራዥ ብቻ ሠርቶ ሊገኝ ይችላል።

ከሒሳቡ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፤ እሱም የፈቃድ ጉዳይ ነው። የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ በሞተር ታግዞ የሚፈጸም ዝርፊያ በመብዛቱ፣ ልዩ ፈቃድ ካላቸው በስተቀር ሞተር ብስክሌቶች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ አግዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ተሻሽሎ ዕቃ የሚያደርሱ ሞተሮች ተመዝግበውና ፈቃድ ይዘው እንዲሠሩ ሆኗል። መመሪያው ግን ከአንድ ጊዜ በላይ ተቀያይሯል። ስለዚህ ሞተር የሚገዛ ሰው ከሻጩ ጋር ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ወደ ከተማው የትራንስፖርት ቢሮ ሄዶ ሦስት ነገር ማረጋገጥ አለበት፦ አንድ ግለሰብ በራሱ ስም ፈቃድ ማግኘት ይችል እንደሆነ፣ በማኅበር ወይም በድርጅት ሥር መታቀፍ ግዴታ እንደሆነ፣ እንዲሁም ያው ሞተር ሥራ ለመመላለስ በሚነዳበት ሰዓትም ፈቃዱ ይሸፍነው እንደሆነ። ሦስተኛውን ጥያቄ ብዙዎች አይጠይቁትም። ለዕቃ ማድረሻ ብቻ በተሰጠ ፈቃድ ጠዋት ቢሮ መመላለስ የማይቻል ከሆነ ግን፣ ሞተሩ ከሁለቱ ሥራዎች አንዱን አጥቷል ማለት ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ስሌትም ይፈርሳል።

መኪናውም ከፈቃድ ነፃ አይደለም። በተለመደው አሠራር ኮድ 2 ታርጋ ለግል አገልግሎት፣ ኮድ 3 ደግሞ ለንግድ ነው። የቤት መኪና በክፍያ ዕቃ ማመላለስ ሲጀምር የታርጋ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የኢንሹራንስ ጥያቄም ይነሣል። ለግል አገልግሎት ተብሎ የተገባ የኢንሹራንስ ውል መኪናው ለንግድ ሲሠራ የደረሰን ጉዳት ላይሸፍን ይችላል። በውሉ ላይ «የአገልግሎቱ ዓይነት» ተብሎ የተጻፈውን መስመር አንብቦ፣ ለኢንሹራንስ ድርጅቱ እውነተኛውን አገልግሎት መንገር ይገባል። የአረቦኑ ጭማሪ አደጋ ከደረሰ በኋላ ካሳ ከመከልከል ይሻላል። መንጃ ፈቃዱም ለየብቻ ነው፤ የመኪና መንጃ ፈቃድ ሞተር ለመንዳት አያበቃም።

የኪሎ ሜትር ወጪ

የአንድ ኪሎ ሜትር ወጪ ሁለት ክፍል አለው፤ ነዳጅና ዕድሳት። የነዳጁ ዋጋ በኢትዮጵያ ላለፉት ዓመታት በፍጥነት ወጥቷል። በጥር 2017 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 100 ብርን አልፎ ከዚያም መጨመሩን ቀጥሏል። እዚህ ለስሌት እንዲመች 120 ብር ይያዝ። አንባቢው በማደያው ላይ ያየውን ዋጋ ተክቶ እንደገና ሊያሰላው ይችላል።

አንድ 125 ወይም 150 ሲሲ ሞተር በከተማ ውስጥ ለ100 ኪሎ ሜትር 2.5 ሊትር ያህል ይበላል። ትንሿ መኪና በአዲስ አበባ መጨናነቅ ውስጥ፣ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየቆመችና እየተነሣች፣ ወደ 8 ሊትር ትጠጋለች። በፋብሪካው ወረቀት ላይ የተጻፈው ቁጥር ከዚህ ያነሰ ነው፤ የተለካው ግን በሌላ መንገድና በሌላ ከፍታ ነው። ትክክለኛውን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ሰልባትዮውን አፉ ድረስ ሞልቶ የተሄደውን ኪሎ ሜትር መመዝገብ፣ አንድ ሳምንት በተለመደው መንገድ መንዳት፣ ከዚያ በዚያው ማደያ እንደገና አፉ ድረስ መሙላት ነው። ሁለተኛው ጊዜ የገባው ሊትር በተሄደው ኪሎ ሜትር ተካፍሎ በ100 ሲባዛ የራስ መንገድ ፍጆታ ይገኛል። ነዳጅ በቴሌብርና በመሳሰሉት ስለሚከፈል የገባው መጠን ከስልኩ መዝገብ አይጠፋም።

ስለ ከፍታው አንድ ነገር ማወቅ ለሞተር ገዢ በተለይ ይጠቅማል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርን ያልፋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ ከአንድ አምስተኛ በላይ ጉልበቱ የለም። በሜዳ አገር በቂ የሆነ 100 ሲሲ ሞተር፣ ከኋላው የዕቃ ሣጥን ጭኖ ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጣ በሁለተኛ ማርሽ ይቀራል። በካርቡሬተር የሚሠራ ሞተር ደግሞ ሌላ ችግር ይጨምራል። አየሩ ስስ ቢሆንም ካርቡሬተሩ የሚሰጠው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ የተረፈው ቤንዚን ሳይቃጠል ይወጣል። ምልክቱ ካንዴላው ሲፈታ በጥቁር ጥላሸት ተሸፍኖ መገኘቱ ነው። ባለሙያ ሲያስተካክለው ፍጆታውም ጉልበቱም ይሻሻላል። ዕቃ ለማድረስ ከ100 ሲሲ ይልቅ 125 ወይም 150 የሚመረጠው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ለፍጥነት አይደለም።

ዕድሳቱን በተመለከተ፣ የሞተር ዕቃ ርካሽ ቢሆንም ቶሎ ያልቃል። በአየር የሚቀዘቅዝ ትንሽ ሞተር ዘይቱ 1 ሊትር ያህል ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይጠቁራል፤ በየ2,500 ኪሎ ሜትሩ አካባቢ መቀየር አለበት። ካቴናው በየ500 ኪሎ ሜትሩ ዘይት ይፈልጋል። ሲላላ ጥርሶቹን ይበላል፤ ጥርሶቹ ሲበሉ ደግሞ አዲስ ካቴና ቢገባም ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ይቀየራሉ። ይህን ሁሉ ከጎማና ከፍሬን ሸራ ጋር ደምሮ በኪሎ ሜትር 2 ብር፣ ለትንሿ መኪና ደግሞ ዘይቷን፣ ጎማዋን፣ ፍሬኗንና ጉድጓድ የሚያላላውን እግሯን ደምሮ 4 ብር ይያዝ። ከነዳጁ ጋር ሲደመር ሞተሩ በኪሎ ሜትር 5 ብር፣ መኪናዋ 13 ብር ከ60 ይሆናል።

የሰዓት ገቢ

ዕቃ የሚያደርስ ሰው ጊዜውን የሚያጠፋው በመንዳት ብቻ አይደለም። ምግብ ቤቱ ደጃፍ ላይ ይጠብቃል፣ ማቆሚያ ይፈልጋል፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ይወጣል፣ አድራሻ የጠፋበትን ደንበኛ ይደውላል። ሞተርና መኪና የሚለያዩት በአንዱ ላይ ነው ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ፍጥነቱን ነው። ግን መቆሚያውም የዚያኑ ያህል ይለያቸዋል።

አንድ ምሽት ላይ አንድ ዕቃ ለማድረስ ወደ ሱቁም ወደ ደንበኛውም የሚነዳው በድምሩ 6 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ሞተሩ በአማካይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ቢሄድ መንገዱ 14 ደቂቃ ይፈጃል። ዕቃው እስኪዘጋጅ 8 ደቂቃ፣ ለደንበኛው ለማስረከብ 6 ደቂቃ ሲጨመር 28 ደቂቃ ይሆናል። በሰዓት ሁለት ዕቃ ማለት ነው። መኪናዋ በመጨናነቁ ውስጥ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ብትሄድ መንገዱ ብቻ 24 ደቂቃ ነው። ሱቁ ደጅ ማቆሚያ ለማግኘት 6 ደቂቃ፣ ደንበኛው ዘንድ ሌላ 6 ደቂቃ፤ ከጥበቃውና ከማስረከቡ ጋር 50 ደቂቃ ይደርሳል። በሰዓት አንድ ዕቃና ትንሽ ትርፍ ነው፤ በቁጥር 1.2።

አሁን አንድ ሰው በአያት ይኖራል፣ ሜክሲኮ አካባቢ ይሠራል፣ ርቀቱም ለአንድ ጉዞ 14 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። በወር 22 ቀን ይመላለሳል፤ ይህ 616 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚህ ሌላ ማታና ቅዳሜ በድምሩ በወር 60 ሰዓት ዕቃ ያደርሳል። ለአንድ ዕቃ የሚከፈለው በአማካይ 150 ብር ይያዝ።

በሞተር 60 ሰዓት 120 ዕቃ ነው፤ ገቢው 18,000 ብር ይሆናል። ለዚህ የሚነዳው 720 ኪሎ ሜትር በ5 ብር ሲሰላ 3,600 ብር ይወጣበታል፤ 14,400 ብር ይቀራል። በሰዓት 240 ብር ማለት ነው። ከዚህ የመመላለሻው ወጪ 3,080 ብር ሲቀነስ 11,320 ብር በእጁ ይገባል። ሞተሩ ግን እያረጀ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲሸጥ ከተገዛበት 90,000 ብር ቢያንስ፣ ያ በወር 2,500 ብር ነው። ይህም ሲቀነስ 8,820 ብር ይቀራል።

በመኪና 60 ሰዓት 72 ዕቃ ነው፤ ገቢው 10,800 ብር። የ432 ኪሎ ሜትሩ ወጪ ወደ 5,875 ብር ስለሚደርስ የሚቀረው 4,925 ብር ነው፤ በሰዓት 82 ብር ያህል። መመላለሻው ራሱ ግን በወር 8,378 ብር ይፈልጋል። ስለዚህ በዚህ ዓይነት ሥራ መኪናዋ ዕቃ አድርሳም የራሷን የመመላለሻ ወጪ መሸፈን አትችልም፤ ባለቤቷ በወር ወደ 3,450 ብር ከደመወዙ ይጨምራል።

የጊዜው ልዩነትም መታሰብ አለበት። በዚሁ ፍጥነት 14 ኪሎ ሜትሩን ሞተር በ34 ደቂቃ፣ መኪና በ56 ደቂቃ ይጨርሱታል። በቀን 44 ደቂቃ፣ በወር ደግሞ 16 ሰዓት የሚሆን ልዩነት ነው። ይህ ሰዓት ለሥራም ሊውል ይችላል፤ ልጆች ሳይተኙ ቤት ለመድረስም።

መኪናዋ የምታሸንፍበት መንገድ

ከላይ ያለው ስሌት መኪናዋን የሞተር ሥራ አሠርቶ ነው የፈረደባት፤ አንድ ምግብ፣ አንድ ደንበኛ፣ ከዚያ እንደገና። በዚህ ሥራ ከሞተር እኩል እንድታተርፍ ለአንድ ዕቃ 150 ብር ሳይሆን ወደ 282 ብር መከፈል ነበረበት። ያን ያህል የሚከፍል ሥራ አለ፤ ግን ዓይነቱ ሌላ ነው። ባለ ሦስት ደርብ የሠርግ ኬክ በሞተር ሣጥን አይሄድም። ለ30 ሰው የተዘጋጀ የድግስ ምግብ፣ የኮምፒውተር ስክሪን፣ ካርቶን ሙሉ መጽሐፍ፣ በክረምት መርጠብ የሌለበት ጨርቃ ጨርቅ፣ እነዚህ ሁሉ ጣሪያና ስፋት ይፈልጋሉ። ደንበኛውም ዕቃው በደኅና እንዲደርስለት ስለሚፈልግ ለጥንቃቄው ይከፍላል።

ከዚህ የሚበልጠው የመኪናዋ ዕድል ግን ብዙ ዕቃ በአንድ ጉዞ መያዟ ነው። በተለይ ጉዞው አስቀድሞም የሚደረግ ከሆነ። ባለ መኪናው ማታ ከሜክሲኮ ወደ አያት መመለሱ አይቀርም፤ የዚያ መንገድ ወጪ ከመመላለሻው ሒሳብ ላይ ተቀምጧል። አንድ የመርካቶ ወይም የሜክሲኮ ነጋዴ በኢንተርኔት የሸጣቸውን፣ በመገናኛ፣ በሲኤምሲና በአያት የሚኖሩ ደንበኞች ያዘዟቸውን 8 ጥቅሎች ቢሰጠው፣ የሚጨምረው ከዋናው መንገድ የሚወጣበትን ርቀት ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ቢጨምር 12 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ወጪውም 163 ብር ነው። ለአንዱ ጥቅል 120 ብር ብቻ ቢከፈለው እንኳ 960 ብር ያገኛል፤ 797 ብር ይተርፈዋል። ሥራው ሁለት ሰዓት ቢጨምርበት የሰዓቱ ገቢ ወደ 400 ብር ይጠጋል። ይህ ከሞተሩ 240 ብር ይበልጣል። በወር 12 ምሽት እንዲህ ቢሠራ 9,564 ብር ያገኛል፤ 24 ሰዓት ብቻ ሠርቶ የመመላለሻውን 8,378 ብር ሸፍኖ ከሺህ ብር በላይ ይተርፈዋል ማለት ነው።

ልብ መባል ያለበት፣ ሞተረኛም ይህንኑ መንገድ ሊጠቀም ይችላል፤ ሣጥኑ የሚይዘው ግን ከአራት ወይም ከአምስት ትናንሽ ጥቅሎች አያልፍም። ለመኪናዋ ዋናው ችግር ዕቃ ሰጪው ነው። በየዕለቱ በመተግበሪያ ላይ የሚመጣን ትእዛዝ መጠበቅ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ነጋዴዎች ዕቃቸውን በቤቱ አቅጣጫ ሰብስበው፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት አዘጋጅተው እንዲያቆዩለት መስማማት አለባቸው። ያን ስምምነት መኪናው ከመገዛቱ በፊት ማግኘት ይቻላል፤ ሳይገኝ ቢቀርም መልሱ መኪናው ሳይገዛ ይታወቃል።

የመግዣውን ገንዘብ በተመለከተ ደግሞ ለኢትዮጵያ ገበያ ልዩ የሆነ ነገር አለ። በሌላ አገር መኪና ከተገዛ ጀምሮ ዋጋው እየወረደ ይሄዳል። እዚህ ግን የውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ ቀረጥና የብር የመግዛት አቅም መውረድ ተደማምረው ያገለገለች ቪትዝ ከዓመታት በኋላ በተገዛችበት ወይም በበለጠ ብር ስትሸጥ ኖራለች። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉም በገበያው ያሉትን ብቻ አስቀርቷል። ሰዎች መኪናን እንደ ቁጠባ የሚያዩት ከዚህ ልምድ የተነሣ ነው። ቢሆንም ገንዘቡ ታስሮ መቀመጡ ዋጋ አለው። መኪናዋ ከሞተሩ በ1 ሚሊዮን ብር ብትበልጥ፣ ያ ገንዘብ በዝቅተኛው የባንክ ቁጠባ ወለድ በ7 በመቶ እንኳ በዓመት 70,000 ብር፣ በወር 5,833 ብር ያስገኝ ነበር። ገንዘቡ የራስ ካልሆነና በብድር ከተገዛ ወለዱ ከዚህ እጅግ ይከብዳል። በ150 ብር የሚደርሱ ዕቃዎች የመኪና ብድር አይከፍሉም።

የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የነዳጁን ወጪ እጅግ ዝቅ ስለሚያደርጉ የኪሎ ሜትሩን ሒሳብ ይቀይሩታል። የሰዓቱን ሒሳብ ግን አይነኩትም፤ የኤሌክትሪክ መኪናም ማቆሚያ ይፈልጋል፣ በመጨናነቁ ውስጥ እንደ ሌላው ይቆማል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ደግሞ ሌሊት የሚሞላበትን ቦታ አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። ለኤሌክትሪክ ሞተር ገዢ የሚጠቅመው ፈተና አንድ ነው፦ ሣጥኑን በሚጫነው ልክ ጭኖ፣ ዳገቱን ሁሉ ይዞ፣ ባትሪው እስኪያልቅ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ መለካት።

በቁጥር ያልገባው ወጪ

ሞተሩን ባለ 8,820 ብር ትርፍ ያደረገው ስሌት አንድ ትልቅ ነገር ትቶ አልፏል፤ የነጂውን አካል። መኪና ውስጥ ያለ ሰው የሚወጣበት ግጭት ሞተረኛን ከአልጋ ያውላል። ዕቃ ማድረስ ደግሞ ይህን አደጋ የሚያበዛ ሥራ ነው። ሰዓቱ ምሽት ነው፣ ነጂው ቀኑን ቢሮ ውሎ ደክሟል፣ ክፍያው በዕቃ ቁጥር ስለሆነ ይቸኩላል፣ አድራሻ ለማየት ስልኩን ያያል። ትእዛዝ የሚበዛው በዝናብ ጊዜ ነው። የመንደር ውስጥ ኮብልስቶን እጅግ የሚያንሸራትተውም ያን ጊዜ ነው፤ በተለይ ከደረቅ ጊዜ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ጭቃውንና ዘይቱን በድንጋዩ ላይ ሲያቀልጠው።

ሣጥኑም የራሱ አደጋ አለው። ከኋላ ጎማው ዘንግ አልፎ የሚሰቀል ከባድ ጭነት የፊት ጎማውን ያቀለዋል። የፊት ጎማው ሲቀል መሪው በዳገት ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ የፊት ፍሬኑም እንደ ልቡ አይዝም። ነጂው ይህን መሪው ከእጁ ቀሎ ሲሰማው ያውቀዋል። መፍትሔው ከባዱን ዕቃ ከሣጥኑ ታችና ወደ መቀመጫው አስጠግቶ ማስቀመጥ፣ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ የሆነውን ደግሞ አለመቀበል ነው።

ሄልሜት የሚያስገኘው ለውጥ በጥናት የታወቀ ነው። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ እንደሚያሳየው፣ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ይቀንሳል። ይህ ግን የሚሆነው በትክክል ሲለበስና አገጭ ሥር ሲታሰር ነው። ሳይታሰር ከራስ ላይ የተደፋ ሄልሜት በመጀመሪያው ግጭት ወልቆ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ጠንካራ ግጭት የደረሰበት ሄልሜት ከላይ ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ስፖንጅ መሰል አካል አንድ ጊዜ ከታጨመ አይመለስም፤ መቀየር አለበት። ስለዚህ ያገለገለ ሄልሜት መግዛት አይመከርም።

ገንዘቡንም በተመለከተ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። በሕግ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ ስሙ እንደሚለው፣ ነጂው ለሚጎዳው ሌላ ሰው ነው። ነጂው ራሱ እግሩ ቢሰበር ያ ኢንሹራንስ ለጉዳቱ ካሳ አይከፍለውም። ለብቻው የግል የአደጋ ኢንሹራንስ መግባት፣ ወይም ከየወሩ ትርፍ ላይ የተወሰነውን ማስቀመጥ ይኖርበታል። ከላይ ባለው ምሳሌ በወር 2,000 ብር ለዚህ ቢነሣ፣ የሞተሩ ትርፍ 6,820 ብር ይሆናል። የሞተር እውነተኛ ትርፍ ተብሎ መያዝ ያለበት ይህ ነው። ሁለት ወር ከሥራ የቀረ ሰው የማድረሻ ገቢውን ብቻ አያጣም፤ የቢሮውም ደመወዝ ስጋት ላይ ይወድቃል። ሁለቱም ገቢዎች በአንድ አካል ላይ መንጠልጠላቸው የዚህ ዓይነቱ ኑሮ ዋና ድክመት ነው።

እንግዲህ ፍርዱ የሚዞረው በሦስት ነገር ነው። ሥራው ከምግብ ቤት አንድ በአንድ የሚወሰድ ትንሽ ዕቃ ከሆነ፣ ፈቃዱም ለመመላለሻው ጭምር ከተገኘ፣ 125 ወይም 150 ሲሲ ሞተር ያለ ጥርጥር ይሻላል። ነጋዴዎች በቤቱ አቅጣጫ የሚሄድ ብዙ ጥቅል በቋሚነት የሚሰጡት፣ ወይም ኬክና የድግስ ምግብ የመሰለ በደንብ የሚከፈልበት ዕቃ የሚያደርስ፣ ገንዘቡም የራሱ የሆነ ሰው መኪና ቢገዛ አይጸጸትም። ጠዋት ሕፃን ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ ቢሮ የሚገባ ወላጅም ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን እንኳ መኪናውን መምረጥ አለበት፤ በሞተር ላይ ለሕፃን ደኅና የሆነ ቦታ የለም።

ከሁለቱ በየትኛውም ያልተወሰነ ሰው አንድ ነገር ቢያደርግ ይጠቅመዋል። ሊሠራበት ባሰበው ሰፈርና ሰዓት፣ ከሚያውቀው ሞተረኛ ወይም ባለ መኪና ጋር አምስት ምሽት አብሮ ይዋል፤ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ስንት ደቂቃ በመጠበቅ፣ ስንት በመንዳት፣ ስንት ማቆሚያ በመፈለግ እንዳለፈ በወረቀት ይጻፍ። እዚህ የተሰጡት 28 እና 50 ደቂቃዎች በዚያ ወረቀት ላይ ባሉት ቁጥሮች ይተኩ፤ ብሩ ከባንክ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ይሁን።